«ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ» ማለት «ሊወገድ አይችልም» ማለት አይደለም፦ የራጅና የአልትራሳውንድ ውጤት ሲተረጎም እርግጠኝነቱን የመጠበቅ አሠራር

ባለፈው ክረምት አንዲት ልጅ የእናቷን የአልትራሳውንድ ውጤት ይዛ ደብረ ብርሃን እቤቴ መጣች። ከእንግሊዝኛው ወረቀት ጋር ሌላ ሰው የሠራው የአማርኛ ትርጉም ተያይዟል። የመጨረሻው መስመር «ካንሰር ሊወገድ አይችልም» ይላል። ቤተሰቡ ይህን አንብቦ እናትየውን ወደ ጣርማበር ሊመልሳት ወስኗል። «ካልወጣላት ምን ልናደርግ? ቤቷ ትረፍ አልን» አለችኝ።

እንግሊዝኛው ግን ስለ ማውጣት አንድም ቃል አልነበረውም። የሚለው «ማሊግናንሲ ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ፣ ሲቲ ኢዝ ረኮሜንድድ» ነው። ጉበቷ ላይ የታየው ነገር ካንሰር አይደለም ብሎ ለመደምደም አልትራሳውንዱ ስላልበቃ ሲቲ ስካን ይሠራላት ማለት ነው። ተርጓሚው «ኤክስክሉድ»ን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈልጎ «ማስወገድ» የሚለውን አገኘ። አማርኛ የሚሰማ ሰው ደግሞ «ሊወገድ አይችልም» ሲባል ቀዶ ጥገና የማይነካው በሽታ እንደሆነ ነው የሚረዳው።

የሕክምና ትምህርት በአገራችን በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ውጤቱም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ ታካሚ ወረቀቱን ይዞ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ነርስ፣ አስተማሪ፣ ተማሪ ልጅ ወይም ትርጉም ቤት ሊሆን ይችላል። ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ሁሉ ነው። ስለ ሕክምና ቃላት ብዙ አልልም። የማተኩረው ሐኪሙ እርግጠኛነቱን ወይም አለመሆኑን በሚገልጽባቸው ሐረጎች ላይ ነው። አደጋው ያለው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ፦ የታየውን ከታሰበው ለዩ

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አንብቡ። ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። «ፋይንዲንግስ» የሚለው ምስሉ ላይ የታየው ነው። «ኢምፕረሽን» የሚለው ደግሞ ሐኪሙ ከታየው ተነስቶ የደረሰበት ሐሳብ ነው።

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይዛችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ የታየ ነው፣ የታሰበ ነው ወይስ እንዲደረግ የተጠየቀ? ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ታ»፣ «ሐ»፣ «ይ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። እኔ ዛሬም እንዲህ ነው የምሠራው። «ሳንባ ላይ ነጠብጣብ አለ» የታየ ነው። እዚያ ላይ «ምናልባት» ብትጨምሩ ሐኪሙ በዓይኑ ያየውን ነገር ታጠራጥሩታላችሁ። «ነጠብጣቡ የድሮ ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም» የታሰበ ነው። ከዚያ ላይ «ሳይሆን አይቀርም»ን ብታነሱ ደግሞ ሐኪሙ ያልሰጠውን እርግጠኝነት ትሰጡታላችሁ።

ቀጥሎ፦ የአማርኛውን ደረጃ እወቁ

አማርኛ እርግጠኝነትን የሚገልጸው በዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ነው። ደረጃውን ለመስማት ከወረቀቱ ወጣ ብላችሁ በኅዳር ወር ደብረ ብርሃን ላይ አመሻሹን አስቡት። አንድ ሰው ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ሌሊት ውርጭ ሳይኖር አይቀርም» ቢላችሁ ችግኙን ትሸፍናላችሁ። «ውርጭ ሊኖር ይችላል» ቢላችሁ ትሸፍኑም አትሸፍኑም ይሆናል። «ውርጭ የለም ብዬ መደምደም አልችልም» ቢላችሁ ሰውየው ስለ ውርጩ ብዙም አልነገራችሁም። የነገራችሁ ሰማዩ ገና እንዳልለየለት ነው።

እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው። የራዲዮሎጂ ሐረጎችንም በዚሁ መለካት ይቻላል።

«ላይክሊ ሪፕረዘንትስ» ከፍ ያለው ነው። ሐኪሙ ወደ አንድ መልስ አዘንብሏል፤ በሩን ግን አልዘጋውም። አማርኛው «ሳይሆን አይቀርም» ነው። እዚህ ላይ «ሪፕረዘንትስ»ን «ይወክላል» ብለው የሚጽፉ አሉ። «ጥላው ምናልባት ጠባሳን ይወክላል» የሚል ትርጉም አይቻለሁ። ጥላ የምክር ቤት አባል አይደለም፣ ማንንም አይወክልም። በአማርኛ የሚበቃው «መሆን» ነው፦ «ጥላው ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም»። አንዳንዱ «የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው» ይላል። ደረጃው ትክክል ነው። ግን ለታመመ ሰው «ሰፊ የካንሰር ዕድል አለህ» የሚል ጽሑፍ መስጠት ጆሮ ላይ ይከብዳል፤ ዕድል ለኛ መልካም ነገር ነው። ስለዚህ እኔ አልጠቀምበትም።

«ፖሲብል» ወይም «ሜይ ሪፕረዘንት» ሲሆን «ሊሆን ይችላል» በቂ ነው። ምንም መጨመር አያስፈልገውም።

«ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ» ላይ ትንሽ ልቆይ።

ሁለት አሉታ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም

ይህ ሐረግ ሁለት ጊዜ ይክዳል። «ኤክስክሉድ» ራሱ አንድ ነገር የለም ማለት ነው። «ካኖት» ደግሞ ያንን ማለት አይቻልም ይላል። አማርኛችን «ሳይሆን አይቀርም» ሲልም ሁለት ጊዜ ይክዳል። ስለዚህ ተርጓሚው ሁለት አሉታ ሲያይ እጁ በራሱ ወደ «ሳይኖር አይቀርም» ይሄዳል። «ካንሰር ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ» የነበረው «ካንሰር ሳይኖር አይቀርም» ሆኖ ይወጣል። የመጀመሪያው «አላውቅም፣ ይጣራ» የሚል ነው። ሁለተኛው «አለ ብዬ አስባለሁ» ነው። ሰዋስዋቸው ይመሳሰላል፤ ትርጉማቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ትክክለኛው «የለም ብሎ መደምደም አይቻልም» ነው። ነገሩ ታይቶ ምንነቱ ያልታወቀ ከሆነ ደግሞ «አይደለም ብሎ መደምደም አይቻልም» በሉ። «መደምደም» የሚለውን ቃል አትጣሉት። በእሱ ቦታ «ማለት» ካስገባችሁ ሌላ ነገር ይመጣል። በንግግራችን «ሰነፍ አይደለም ማለት አይቻልም» ስንል ሰውየው ሰነፍ መሆኑን በግማሽ እያመንን ነው። «መደምደም» ግን ሥራው እንዳላለቀ ብቻ ነው የሚናገረው።

ታካሚው ዕድሜው የገፋ ከሆነ ወይም በጆሮው ብቻ የሚሰማ ከሆነ ሁለት አሉታ ያደናግራል። ያኔ «ካንሰር አይደለም ለማለት ይህ ምርመራ አይበቃም» ይሻላል። አንድ ዓይነት ደረጃ ነው፤ ጉድለቱን የሚያኖረው ግን ምርመራው ላይ ነው። «ሐኪሙ አላወቀውም» ብላችሁ ግን አትጻፉ። ችግሩ የሐኪሙ ዕውቀት አይደለም። ያ ዓይነት ምስል ያንን ጥያቄ መመለስ አለመቻሉ ነው።

«መጠራጠር» ሁለት ፊት አለው

«ሰስፒሸስ ፎር» የሚለው ሐረግ «ያጠራጥራል» ተብሎ ይተረጎማል። እዚህ ጋር ቆም በሉ። «ቲቢ መሆኑን እጠራጠራለሁ» ብል ምን ሰማችሁ? ግማሻችሁ «ቲቢ ነው ብሎ ያስባል» ትላላችሁ። ግማሻችሁ «ቲቢ አይመስለውም» ትላላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። ሐኪሙ ሊያስጠነቅቅ የጻፈው ነገር በአማርኛ ማረጋጊያ ሆኖ ሊነበብ ይችላል።

መፍትሔው ግሡን መቀየር ነው። «ጠረጠረ» አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው። «ቲቢ ነው ተብሎ ተጠርጥሯል» ሲባል ማንም አይሳሳትም። «ቲቢ እንደሆነ ያስጠረጥራል»ም ይሆናል። «መጠራጠር» እና «ጥርጣሬ» ግን ወረቀቱ ላይ ባይገቡ ይሻላል።

አንድ ማሰሪያ ለአንድ ሐሳብ

ብዙ ጥንቁቅ ተርጓሚዎች ቃሉን በትክክል መርጠው እዚህ ላይ ይወድቃሉ። እንግሊዝኛ የእርግጠኝነቱን ቃል ብዙ ጊዜ ከነገሩ በፊት ያስቀምጣል። ስለዚህ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት በሽታ በሦስት ደረጃ መደርደር ይችላል። አማርኛ ግን ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ነው። ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጻፋችኋቸው የመጨረሻው ግሥ ሁሉንም ይውጣቸዋል። «ጠባሳ፣ ኢንፌክሽን ወይም ዕጢ ሊሆን ይችላል» ስትሉ ሦስቱ እኩል ሆኑ። ሐኪሙ ግን የመጀመሪያውን በጣም ገምቶት፣ የመጨረሻውን ለጥንቃቄ ብቻ ጠቅሶት ይሆናል።

ስለዚህ የእርግጠኝነት ደረጃው በተለወጠ ቁጥር አራት ነጥብ አድርጉና አዲስ ዓረፍተ ነገር ጀምሩ። ትርጉማችሁ ከእንግሊዝኛው ይረዝማል። ይርዘም።

ሌላም አለ። አንድ ሐረግ በአንድ ሐረግ ይተርጎም። «ምናልባት ጠባሳ ሳይሆን አይቀርም» ብትሉ «ምናልባት» ወደ ታች፣ «ሳይሆን አይቀርም» ወደ ላይ ይጎትታል። አንባቢው መሐል ላይ ይቀራል። እኔ «ምናልባት»ን ከእነዚህ ወረቀቶች ጨርሼ አውጥቼዋለሁ። ማሰሪያው ሥራውን ይሠራልና።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ወረቀት

ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ጎልማሳ የአባቱን የደረት ራጅ ውጤት አሳየኝ። አባትየው ከሦስት ሳምንት በላይ ስለሳሉ ነው የተነሱት። ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው ጨርሰዋል። የሐኪሙ «ኢምፕረሽን» ሦስት ሐሳብ ነበረው፦

«ፋይብሮቲክ ቼንጅስ ዊዝ ካልሲፊኬሽንስ ኢን ዘ ራይት አፐር ሎብ፣ ላይክሊ ሪፕረዘንቲንግ ስካሪንግ ፍሮም ፕሪቪየስ ቲቢ። ሱፐርኢምፖዝድ አክቲቭ ኢንፌክሽን ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ፣ አዝ ኖ ፕራየር ፊልምስ አር አቬይለብል ፎር ኮምፓሪዝን። ስፑተም ኤግዛሚኔሽን ኢዝ ረኮሜንድድ።»

ልጁ በስልክ ከዘመድ የተቀበለው ትርጉም እንዲህ ይላል፦ «በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል የድሮ የቲቢ ጠባሳ እና አዲስ ቲቢ ሊኖር ስለሚችል አክታ ይመርመሩ።»

አማርኛው ጥሩ ነው፣ ይነበባል። ውስጡ ግን አራት ነገር ተለውጧል። አንደኛ፣ «ላይክሊ» ወርዶ «ሊኖር ይችላል» ሆነ። ሁለተኛ፣ «ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ» ወጥቶ እሱም «ሊኖር ይችላል» ሆነ። ሐኪሙ በሁለት የተለያየ ደረጃ ያስቀመጣቸው ነገሮች በአንድ ማሰሪያ ታስረው እኩል ሆኑ። ሦስተኛ፣ ሐኪሙ «ኢንፌክሽን» ያለውን ተርጓሚው «ቲቢ» አለው። ሐኪሙ ቲቢን አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ቃል ግን አልጻፈም። አራተኛ፣ የሚወዳደር የቀድሞ ራጅ አልቀረበም የሚለው ምክንያት ጠፋ።

በደረጃው እንሥራው። የታየው መጀመሪያ፣ ያለ ምንም ጥርጣሬ ቃል፦

«በቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ላይ የጠባሳ መስመሮችና ካልሲየም የቋጠሩ ነጠብጣቦች ታይተዋል።»

ከዚያ የታሰበው፣ በራሱ ዓረፍተ ነገር፣ በከፍተኛው ማሰሪያ፦

«እነዚህ ከዚህ ቀደም ከነበረ ቲቢ የቀሩ ጠባሳዎች ሳይሆኑ አይቀሩም።»

አራት ነጥብ። ከዚያ ያልተዘጋው በር፣ ከነምክንያቱ፦

«በጠባሳው ላይ ተደርቦ አሁን እየሠራ ያለ ኢንፌክሽን የለም ብሎ መደምደም ግን አይቻልም። ምክንያቱም የሚወዳደር የቀድሞ ራጅ አልቀረበም።»

መጨረሻ ላይ የተጠየቀው፦

«የአክታ ምርመራ እንዲደረግ ይመከራል።»

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ካለው ፈጽሞ አትለዩት። «መደምደም አይቻልም» ብቻውን ሲቀር ሰው እንደ ፍርድ ይሰማዋል። ከምክሩ ጋር ሲሆን ግን የሚቀጥለው መንገድ ይታየዋል። «ይመከራል»ንም ወደ «አለበት» አታሳድጉት። «ቢደረግ ጥሩ ነው» ብላችሁም አታውርዱት።

ከጨረሳችሁ በኋላ ፈትኑት

አማርኛውን ብቻ ለሌላ ሰው ስጡ። እንግሊዝኛውን ያላየ፣ የጤና ባለሙያ ያልሆነ ሰው ይሁን። እኔ ብዙ ጊዜ ለጎረቤቴ ለእትዬ አነባቸዋለሁ። ከዚያ «ታዲያ አለበት ወይስ የለበትም?» ብላችሁ ጠይቁ። ለ«ላይክሊ» ትክክለኛው መልስ «አለበት መሰለኝ፣ ግን አልተረጋገጠም» ዓይነት ነው። ለ«ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ» ደግሞ «ገና አልታወቀም፣ ምርመራ ይቀራል» ነው። እትዬ ለዚህኛው «እንግዲህ አለበታ!» ካሉኝ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና እጽፈዋለሁ። «ተመስገን፣ የለበትም» ካሉኝም እንደዚያው።

ጊዜ ካለ አማርኛውን እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሌላ ሰው ሰጥታችሁ ወደ እንግሊዝኛ አስመልሱት። «ላይክሊ» ሰጥታችሁ «ሜይ ቢ» ከተመለሰላችሁ የጠፋው ነገር የት እንደጠፋ ወዲያው ታያላችሁ።

በቃል ስትነግሩ

ወረቀቱን በትክክል ጽፎ በአፍ የሚያበላሽ ሰው ብዙ ነው። የታመሙት ፊታችሁ ተቀምጠው ዓይን ዓይናችሁን ሲያዩ «አይዞዎት አባባ፣ የድሮ ጠባሳ ነው፣ ምንም የለም» ማለት ይቀናል። ይህ ከርኅራኄ የመጣ ነው፤ እኔም ስሜቱን አውቀዋለሁ። ግን «ሳይሆን አይቀርም» የነበረው «ነው» ሆነ፣ «መደምደም አይቻልም» የነበረው ደግሞ «የለም» ሆነ። አባባ አክታቸውን ሳይሰጡ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። «አይዞዎት» በሉ፤ ከዚያ የተጻፈውን እንደተጻፈ አንብቡላቸው። ማጽናኛው ከውጤቱ ውጪ ይሁን።

ተርጓሚ የማይፈታው

አንዳንድ ሆስፒታሎች እነዚህን ቃላት በቁጥር ወስነዋቸዋል። ኒው ዮርክ የሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል ሐኪሞች ባዘጋጁት ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ «ኮንሲስተንት ዊዝ» ከ90 በመቶ በላይ ነው፤ «ፖሲብል» 50 በመቶ ገደማ፣ «አንላይክሊ» ደግሞ ከ10 በመቶ በታች። «ካኖት ቢ ኤክስክሉድድ» ግን ከአምስቱ አንዱ አይደለም። ሐረጉ የስንት በመቶ እንደሆነ ከራሱ ማወቅ አይቻልም። አንዱ ሐኪም በጣም ሲሰጋ ይጽፈዋል፤ ሌላው ለጥንቃቄ ያህል።

ስለዚህ ሐኪሙ ቁጥር ካልጻፈ እናንተም አትጻፉ። ታካሚው «ስንት በስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ከወረቀቱ እንደማይታወቅ ንገሩትና ጥያቄውን በአማርኛ ጽፋችሁ ስጡት፦ «ይህን የጻፉት በጣም ስለሰጉ ነው ወይስ ለጥንቃቄ?» ምርመራውን ላዘዘው ሐኪም ያሳየዋል። እንግሊዝኛውንም ከትርጉሙ ጋር በስቴፕለር አያይዙት። ሐኪሙ የሚያነበው እሱን ነውና።

የመሐል ሜዳውን ልጅ አዲሱን ትርጉም አነበብኩለት። «የሚወዳደር የቀድሞ ራጅ አልቀረበም» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ። «ያኔ የተነሱት ራጅ እኮ ቤት አለ፣ ሣጥን ውስጥ ነው» አለ። ድሮ የታየው ጠባሳና አሁን የታየው አንድ ዓይነት ከሆኑ፣ ምልክቱ ከስድስት ወር በላይ ሳይለወጥ ከቆየ፣ ሐኪሙ ወደ አሮጌ ጠባሳነቱ ይበልጥ ያዘነብላል። የአክታው ምርመራ ግን እንደታዘዘው ይደረጋል። የመጀመሪያው ትርጉም ያንን ዓረፍተ ነገር ጥሎት ስለነበር ስለ ሣጥኑ ማንም አላሰበም ነበር። ልጁ እዚያው ቁጭ ብሎ ወንድሙ ጋ ደወለ። ወንድሙ ራጁን በማግስቱ ጠዋት በሚመጣው አውቶቡስ ላከው።